መምህሩ በሦስት ዓረፍተ ነገር

ወደ አሜሪካ ኮሌጆች የሚላከው የማመልከቻ ድርሰት አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው «ኮመን አፕ» በተባለው የጋራ ማመልከቻ በኩል ነው። ርዝመቱ ከ250 ቃላት አያንስም፣ ከ650 አይበልጥም። ከርዕስ አማራጮቹ አንዱ አመልካቹ ሌላ ሰው ያደረገለትን፣ ባልጠበቀው መንገድ ያስደሰተውን ነገር እንዲያነሣ ይጋብዛል። ከአዲስ አበባም ሆነ ከሜሪላንድ የሚያመለክት ወጣት ይህን ሲያነብ መምህሩ ትዝ ቢለው አያስገርምም። ጥያቄው ግን በዚህ አያበቃም፤ ያ ምስጋና አመልካቹን እንዴት እንደለወጠው ወይም ለምን እንዳነሣሣው ጭምር ይጠይቃል። ብዙ ድርሰት የሚበላሸው ይህኛው ክፍል ወደ መጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ስለሚገፋ ነው።

መምህርን ማክበር ተምሮ ላደገ ልጅ ደግሞ ፈተናው ይበረታል። ስለ ራስ ማውራት ጉራ ይመስላል፤ ባለውለታን አሳንሶ ማቅረብም ነውር ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ሳያስበው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ገጹን መምህሩ ይይዙታል። አንባቢው ግን የመቀበያ ክፍሉ ሠራተኛ ነው፤ የሚመርጠውም ተማሪ እንጂ መምህር አይደለም። ድርሰቱን አንብቦ ሲጨርስ መምህሩን ወዶ አመልካቿን ካላወቃት፣ ጽሑፉ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራውን አልሠራም።

ለምሳሌ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ፊዚክስ መምህሯ ጻፈች እንበል። የመጀመሪያው ረቂቅ መምህሩ ታታሪ፣ ትዕግሥተኛ፣ እንደ አባት የሚመክሩ መሆናቸውን ይዘረዝራል። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት በቆርኪና በገመድ ያስተምሩ እንደነበር ይተርካል። ግሶቹም «አስተማሩኝ፣ መከሩኝ፣ አበረታቱኝ» እያሉ ይቀጥላሉ፤ እሷ በሁሉም ተቀባይ ናት። መዝጊያው «ዛሬ ለደረስኩበት ሁሉ ምክንያቱ እሳቸው ናቸው» ይላል። የክፍል ጓደኞቿ በሙሉ በዚህ ጽሑፍ ሥር ስማቸውን ቢጽፉ ሐሰት አይሆንም፤ ድርሰቱ የእሷ አለመሆኑ የሚታወቀውም በዚሁ ነው።

ሁለተኛው ረቂቅ ከአንድ ቀን ይጀምራል። መምህሩ ትክክለኛ መልስ በጻፈችበት ፈተና ላይ ነጥብ ቀነሱባት፤ «ከማስላትሽ በፊት በግምት ስንት ይሆናል ብለሽ ነበር?» ብለው ጠየቋት፤ መልስ አልነበራትም። መምህሩ በዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገር ያበቃሉ። የቀረው እሷ በጥያቄው ምን እንዳደረገችበት ነው። ቤታቸው ያለው ሮቶ 1,000 ሊትር ይይዛል፤ የቤተሰቡ አባላት 5 ናቸው። በሰው በቀን 40 ሊትር ብትገምት ድምሩ 200 ሊትር ነውና ውኃው 5 ቀን መቆየት ነበረበት። ግን በ4ኛው ቀን ያልቃል። በቀን 50 ሊትር የት ይሄዳል? መጀመሪያ ታናሽ ወንድሟን ጠረጠረች። ከዚያ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ የሮቶውን ከፍታ በኖራ ምልክት አደረገች፤ ጠዋት ውኃው ከምልክቱ ዝቅ ብሎ አገኘችው። ጥፋቱ የወንድሟ ሳይሆን የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ጎማ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢው ያያት ልጅ ትገምታለች፣ ትሳሳታለች፣ ሰው ከመውቀሷ በፊት ትለካለች። «ጠያቂ ነኝ» ብላ መጻፍ አላስፈለጋትም።

ረቂቅን ለመመርመር ሁለት ቀለም ይበቃል። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት መምህሩ ሲሆኑ በአንዱ፣ አመልካቹ ሲሆን በሌላው ይሰመራል። ይሁንና ቆጠራው ብቻውን ያታልላል፤ «እኔም በጣም ተደነቅሁ» የሚለው ባለቤቱ አመልካቹ ቢሆንም የሚያወራው አሁንም ስለ መምህሩ ነው። መቆጠር ያለባቸው አመልካቹ የወሰነባቸው፣ የሞከረባቸው ወይም ሐሳቡን የለወጠባቸው ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ከመምህሩ ክፍል ከወጣ በኋላ፣ ማንም ሳያዘው ያደረገው ነገር ካልተገኘ ቀለም መቀየር አያድነውም፤ ሌላ ርዕስ መፈለግ ይሻላል።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ መምህሩን ጨርሶ ያወጣል። ያም ስሕተት ነው፤ የጥያቄው ምንጭ ሲጠፋ ልጅቷ ከመሬት ተነሥታ ሮቶ የምትለካ ትመስላለች። መምህሩ መቅረት ያለባቸው በሚነገርላቸው ሙገሳ ሳይሆን በተናገሩት ወይም ባደረጉት አንድ ተጨባጭ ነገር ነው። «ደግ ነበሩ» የሚለው ይውጣ፤ ነጥብ የቀነሱባት ይቆይ።

አንድ ተግባራዊ ጉዳይም አለ። ብዙ ኮሌጆች ከድርሰቱ ሌላ የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ ጸሐፊውም ብዙ ጊዜ ያው መምህር ነው። ተማሪዋ ድርሰቷ ስለ ሮቶው መሆኑን አስቀድማ ብትነግራቸው፣ እሳቸው በክፍል ውስጥ ያዩትን ሌላ ነገር ሊጽፉ ይችላሉ፤ ፋይሉም አንዱን ታሪክ ሁለት ጊዜ አይዝም።