ጂሙና ጎረቤቱ ድርጅት፦ የሠራተኞች አባልነት የትብብር ሀሳብ እንዴት ይዘጋጃል?

አንድ ጂም በአቅራቢያው ላለ ድርጅት የሚያቀርበው የትብብር ሀሳብ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ደብዳቤው ለሰው ሀብት ክፍል ይጻፋል፤ ዋጋውን መርምሮ የሚያጸድቀው ወይም የሚጥለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የፋይናንስ ክፍሉ ነው። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎችን በግልጽ መመለስ አለበት፦ ማን ምን ያህል ይከፍላል? ሠራተኞቹ በየትኛው ሰዓት ይመጣሉ? ተመዝግቦ የማይመጣው ሰው ሂሳብስ እንዴት ይታሰባል?

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ጂም ለግለሰብ አባል በወር 3,000 ብር ያስከፍላል እንበል። ጎረቤቱ 120 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 40ዎቹ ይመዘገባሉ ተብሎ ይጠበቃል። ጂሙ ለእነዚህ አባላት ዋጋውን ወደ 2,000 ብር ዝቅ ያደርጋል። የወሩ ሂሳብ 80,000 ብር ይሆናል፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመርበት 92,000 ብር ይደርሳል። ድርጅቱ ግማሹን ሲሸፍን የእሱ ድርሻ 46,000 ብር፣ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ድርሻ ደግሞ 1,150 ብር ነው። ብዙ ስምምነቶች የሚበላሹት የቀረበው ዋጋ ታክሱን ይጨምር አይጨምር ሳይገለጽ ቀርቶ ነው፤ ልዩነቱ የመጀመሪያው ደረሰኝ ሲመጣ ያጨቃጭቃል።

የሠራተኛው ድርሻ ከደመወዝ ተቀንሶ ቢከፈል ለጂሙ ይቀለዋል። ሆኖም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልፈቀደ በስተቀር አሠሪው ከደመወዝ ላይ ለመቀነስ የሠራተኛውን የጽሑፍ ስምምነት ማግኘት አለበት። በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ድምር ደግሞ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። የብድር ዕዳ ያለበት ሠራተኛ ወደዚህ ጣሪያ ተጠግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ የስምምነት ቅጹ ከሀሳቡ ጋር አብሮ ቢቀርብ የሰው ሀብት ክፍሉን ሥራ ያቃልላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ሰዓት ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ከሥራ የሚወጡት በአንድ ጊዜ ስለሆነ ወደ ጂሙም የሚመጡት አብረው ነው። አዳራሹ በአንድ ጊዜ 30 ሰው የሚይዝ ሆኖ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ 22 ነባር አባላት ካሉበት፣ የቀረው ቦታ ለ8 ሰው ብቻ ነው። ከ40ዎቹ አዲስ አባላት 20ው በአንድ ምሽት ቢመጡ ትሬድሚሉም ሻወሩም ወረፋ ይሆናል፤ ሙሉ ዋጋ የሚከፍሉት ነባሮችም ይሸሻሉ። የቅናሹ ምክንያት ባዶ ሰዓት መሙላት ከሆነ፣ የ2,000 ብሩ ዋጋ ማለዳ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ተኩልና በምሳ ሰዓት ለሚመጡ ብቻ ቢሆን ይመረጣል። ምሽት የሚፈልግ ሠራተኛ ልዩነቱን ራሱ ይጨምራል።

ከሁሉም የሚከብደው ሦስተኛው ጥያቄ ነው። ሰው በመጀመሪያው ወር በሞቅታ ይመዘገባል፣ ከዚያ እየቀረ ይሄዳል። በሦስተኛው ወር የሚመጡት 15 ብቻ ሆነው ሂሳቡ ግን በተመዝጋቢ ቁጥር ከቀጠለ፣ ድርጅቱ ያንኑ 46,000 ብር ይከፍላል፤ ይህም ለአንድ መጪ ሰው ከ3,000 ብር በላይ ይሆናል። የማይመጡት 25 ሠራተኞችም ከደመወዛቸው እየተቀነሰ ማጉረምረም ይጀምራሉ። ሂሳቡ ሙሉ በሙሉ በመጪው ቁጥር ብቻ ከሆነ ደግሞ ጂሙ የአሰልጣኝ ደመወዝና የቤት ኪራይ የሚከፍልበትን ገቢ አስቀድሞ ማወቅ አይችልም።

ሁለቱን የሚያስታርቀው ዝቅተኛ ወለል ማስቀመጥ ነው። በወሩ ቢያንስ አንድ ቀን የመጣ ሰው ብቻ ይታሰባል፤ ቁጥሩ ከ20 ከወረደ ግን ድርጅቱ የ20 ሰው ሂሳብ እንዲሟላ ያደርጋል። 15 ሰው በመጣበት ወር ጠቅላላው ክፍያ ከነታክሱ 46,000 ብር ይሆናል። ሠራተኞቹ 17,250 ሲከፍሉ ድርጅቱ 28,750 ይሸፍናል። ጂሙም ከዚህ በታች እንደማይወርድ ያውቃል።

ይህን ለመቆጣጠር ጂሙ በየወሩ የመገኘት ሪፖርት ይልካል። ሪፖርቱ ስንት ሰው ስንት ጊዜ እንደመጣ ያሳያል እንጂ የጤና ሁኔታን አይዘረዝርም። በምዝገባ ጊዜ የሚሞላው የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የጉዳት መረጃ ለአሠሪ የሚተላለፍ አይደለም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለእንዲህ ያለው መረጃ ጥብቅ ጥበቃ ይሰጣል።

ስምምነቱ በመጀመሪያ የሦስት ወር ሙከራ ቢሆን ይበጃል። የመገኘት ቁጥሩ ወለሉን ካለፈ ውሉ ለዓመት ይታደሳል፤ በተከታታይ ካነሰ ደግሞ ሰዓቱ ወይም ዋጋው እንደገና ይታያል፤ ያም ካልሠራ ውሉ ይቋረጣል።