ተራው ሲቀየር የሚለወጥ ድምር

1 − 1/2 + 1/3 − 1/4 + 1/5 − 1/6 እያለ ያለ ማቋረጥ የሚቀጥል ድምር መድረሻ አለው። ቁጥሮቹ በተራቸው እየተጨመሩና እየተቀነሱ ሲሄዱ ውጤቱ መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 0.5፣ ከዚያ 0.8333፣ ከዚያ 0.5833 ይሆናል። አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፣ ነገር ግን የከፍታውና የዝቅታው ልዩነት በየእርምጃው እየጠበበ ስለሚሄድ ውጤቱ በመጨረሻ ወደ 0.6931 ይጠጋል። ይህ ቁጥር የ2 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ነው። እንዲህ ወደ አንድ የተወሰነ ቁጥር የሚጠጋ ማለቂያ የሌለው ድምር ተጠጊ ይባላል።

በዚሁ ድምር ውስጥ የመቀነስ ምልክቶቹ ሁሉ በመደመር ምልክት ቢተኩ ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። 1 + 1/2 + 1/3 + 1/4 እያለ የሚሄደው ድምር መድረሻ የለውም። ፈረንሳዊው ሊቅ ኒኮል ኦሬም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ያረጋገጠበት መንገድ ዛሬም ከሁሉ የሚቀል ነው። 1/3 እና 1/4 ሲደመሩ ከ1/2 ይበልጣሉ። ከ1/5 እስከ 1/8 ያሉት አራቱም አንድ ላይ ከ1/2 ይበልጣሉ፤ ቀጣዮቹ ስምንትም እንዲሁ። ስለዚህ ድምሩ ግማሽ በግማሽ እያደገ ያለ ገደብ ይሄዳል። እድገቱ ግን እጅግ አዝጋሚ ነው፤ 10ን ለማለፍ 12,367 ቁጥሮችን መደመር ያስፈልጋል። ጥቂት መቶ ቁጥሮችን በካልኩሌተር ደምሮ “ረጋ” ብሎ መደምደም የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

የሁለቱ ዓይነት መጠጋት ልዩነት እዚህ ላይ ይገኛል። አንድ ድምር ምልክቶቹ ተነሥተው የእያንዳንዱ ቁጥር ፍጹም ዋጋ ብቻ ሲደመርም ተጠጊ ሆኖ ከቀጠለ ፍጹም ተጠጊ ነው። በምልክቶቹ ተጠጊ ሆኖ ያለ ምልክቶቹ መድረሻ ካጣ ደግሞ ሁኔታዊ ተጠጊ ነው። 1 − 1/4 + 1/9 − 1/16 እያለ የሚሄደው የመጀመሪያው ወገን ነው፤ ምልክቶቹ ሁሉ ወደ መደመር ቢቀየሩ እንኳ ወደ 1.6449 ይጠጋል። ከላይ የታየው 1 − 1/2 + 1/3 − 1/4 ግን የሁለተኛው ወገን ነው፤ የሚረጋው ተደማሪውና ተቀናሹ እርስ በርስ ስለሚጣፉ ብቻ ነው።

ልዩነቱ ከስያሜ ያለፈ ነው። በተለመደው ሒሳብ የቁጥሮች ተራ ቢቀያየር ድምሩ አይለወጥም። ሁኔታዊ ተጠጊ ድምር ግን ለዚህ ሕግ አይገዛም። ያንኑ ድምር ከእያንዳንዱ ተደማሪ በኋላ ሁለት ተቀናሾች እንዲከተሉ አድርጎ ማስተካከል ይቻላል፦

1 − 1/2 − 1/4 + 1/3 − 1/6 − 1/8 + 1/5 − 1/10 − 1/12 + …

የተጣለም የተደገመም ቁጥር የለም፤ የተቀየረው ተራው ብቻ ነው። እያንዳንዱ ተደማሪ ወዲያው ከሚከተለው ተቀናሽ ጋር ሲጣመር 1 − 1/2 ወደ 1/2፣ 1/3 − 1/6 ወደ 1/6፣ 1/5 − 1/10 ወደ 1/10 ይቀየራል። የሚቀረው 1/2 − 1/4 + 1/6 − 1/8 + 1/10 − 1/12 ነው፤ ይህም የመጀመሪያው ድምር ልክ ግማሽ ነው። 0.6931 የነበረው 0.3466 ገደማ ሆነ።

ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ዲሪክሌ በ1837 ፍጹም ተጠጊ ድምር እንዲህ ያለ ለውጥ እንደማያገኘው አሳየ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከፍጹም ተጠጊ ድምር በቂ ቁጥሮች ከተወሰዱ በኋላ የቀሩት ሁሉ በአንድ ምልክት ቢደመሩ እንኳ እዚህ ግባ የሚባሉ አይደሉም፤ በየትኛውም ተራ ቢመጡ ውጤቱን አያናውጡትም። በሁኔታዊው ግን ተደማሪዎቹ ለብቻቸው ያለ ገደብ ያድጋሉ፣ ተቀናሾቹም እንዲሁ። ምንም ያህል ቁጥሮች ቢወሰዱ፣ ከቀሩት መካከል ውጤቱን ወደ ፈለጉት አቅጣጫ የሚገፋ ኃይል አይታጣም።

ሪማን በ1854 በጻፈውና ከሞቱ በኋላ በታተመው ጥናቱ ከዚህ ተነሥቶ ሁኔታዊ ተጠጊ ድምር በተራ ለውጥ ብቻ ወደተፈለገው ቁጥር ሁሉ ሊመራ እንደሚችል አሳየ። የተፈለገው 1.5 ነው ይባል። ድምሩ 1.5ን እስኪያልፍ ተደማሪዎች ይወሰዳሉ፤ 1 + 1/3 + 1/5 ወደ 1.5333 ያደርሳል። ከዚያ ወደ ታች እስኪያልፍ ይቀነሳል፤ 1/2 ሲቀነስ 1.0333 ይሆናል። እንደገና ከ1/7 እስከ 1/15 ያሉት ተደማሪዎች ሲጨመሩ 1.5218 ይደርሳል፤ 1/4 ሲቀነስ ወደ 1.2718 ይወርዳል። ሥራው በዚሁ ይቀጥላል። ተደማሪዎቹም ተቀናሾቹም ለብቻቸው መድረሻ ስለሌላቸው 1.5ን ማለፍ ሁልጊዜ ይቻላል። ቁጥሮቹ ደግሞ እያነሱ ስለሚሄዱ የማለፉ መጠን ወደ 0 ይወርዳል።

አንድ ድምር ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለመለየት መጀመሪያ ቁጥሮቹ ወደ 0 መውረዳቸው ይታያል። ካልወረዱ ድምሩ ከነጭራሹ ተጠጊ ስላልሆነ ጥያቄው እዚያው ያበቃል። ከወረዱ ምልክቶቹን ትቶ ፍጹም ዋጋዎቹን መመርመር ይሻላል፤ ፍጹም ተጠጊ የሆነ ድምር ሁሉ ከነምልክቶቹም ተጠጊ ስለሆነ እዚህ የተሳካለት ሌላ ምርመራ አያሻውም። ቁጥሮቹ እንደ n/2^n በፍጥነት ሲያንሱ አንዱን ለቀዳሚው የማካፈል ፈተና ይበቃል፤ ውጤቱ ከ1 ወደሚያንስ ቁጥር ከተጠጋ ድምሩ ፍጹም ተጠጊ ነው። ወደ 1 ከተጠጋ ግን ፈተናው ምንም አይናገርም። 1/n እና 1/n^2 ሁለቱም ወደ 1 ያመራሉ፣ አንዱ መድረሻ የለውም፣ ሌላው አለው። በዚህ ጊዜ ጠባዩ ከሚታወቅ ድምር ጋር ማወዳደር ይገባል።

ለምሳሌ ቁጥሮቹ n/(n^2 + 1) የሆኑና መደመርና መቀነስ የሚፈራረቁበት ድምር ይወሰድ፦ 1/2 − 2/5 + 3/10 − 4/17 እያለ ይቀጥላል። n^2 + 1 ከ2n^2 ስለማይበልጥ እያንዳንዱ ፍጹም ዋጋ ከ1/(2n) አያንስም። የ1/(2n) ድምር ደግሞ ኦሬም ያሳየው መድረሻ አልባ ድምር ግማሽ ነው። ስለዚህ ፍጹም መጠጋት የለም። የሚቀረው የላይብኒዝ ፈተና ነው፤ ምልክቶቹ ከተፈራረቁ፣ ፍጹም ዋጋዎቹም ያለ ማቋረጥ እያነሱ ወደ 0 ከወረዱ ድምሩ ተጠጊ ነው። 0.5፣ 0.4፣ 0.3፣ 0.235 እያሉ የሚወርዱት ቁጥሮች ሁሉንም ያሟላሉ፤ ድምሩ ሁኔታዊ ተጠጊ ነው።

ተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጉት “ያለ ማቋረጥ እያነሱ” የሚለውን ነው። 1 − 1 + 1/2 − 1/4 + 1/3 − 1/9 + 1/4 − 1/16 በሚለው ድምር ምልክቶቹ ይፈራረቃሉ፣ ቁጥሮቹም ወደ 0 ይወርዳሉ፤ ሆኖም ከ1/4 በኋላ 1/3፣ ከ1/9 በኋላ 1/4 ይመጣልና አወራረዱ ተከታታይ አይደለም። ተቀናሾቹ በጠቅላላ ከ1.65 ሳያልፉ ተደማሪዎቹ ያለ ገደብ ስለሚያድጉ ድምሩ መድረሻ የለውም።

ምልክቶቹ ያለ ሥርዓት ሲመጡ የላይብኒዝ ፈተና አይሠራም። በsin(n)/n^2 ድምር ምልክቶቹ በትክክል አይፈራረቁም፤ ሆኖም ፍጹም ዋጋዎቹ ከ1/n^2 ስለማይበልጡ ፍጹም ተጠጊ ነው። ታህቱ n ብቻ ሲሆን፣ ማለትም በsin(n)/n፣ ይህ ንጽጽር አይረዳም። ለዚህ በዲሪክሌ ስም የሚጠራ ሌላ ፈተና አለ፦ የsin(n) ድምር ምን ያህል ቁጥሮች ቢደመሩ ከአንድ ገደብ አያልፍም፣ 1/n ደግሞ እያነሰ ወደ 0 ይወርዳል፤ ሁለቱ ሲባዙ የሚገኘው ድምር በዚህ ምክንያት ተጠጊ ነው፣ ግን በሁኔታዊነት ብቻ።