ሥዕሉ ነው የተሳሳተው ወይስ ሲስተሙ?

አንድ ባለሙያ የሲስተም ንድፍ ይደርሰዋል። በወረቀቱ ላይ ሳጥኖች አሉ፤ ሳጥኖቹን የሚያገናኙ ቀስቶች አሉ። ባለሙያው ስሕተት ያያል። አሁን ያየውን ለፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ በአጭር ደብዳቤ ማስረዳት አለበት። ሥራ አስኪያጁ በጀቱንና የጊዜ ሰሌዳውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ የቀስቱን ትርጉም ግን የግድ የማያውቅ ሰው ነው። ብዙ ጥሩ ምርመራ ሰሚ ሳያገኝ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ አንድ ምሳሌ ይዘን ነገሩን እስከ ደብዳቤው ድረስ እንከተለው።

ምሳሌያችን የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት በስልክ የሚሸጥ ሲስተም ይሁን። ተሳፋሪው በስልኩ መተግበሪያ ወንበር ይመርጣል፤ በሞባይል ገንዘብ ይከፍላል፤ ትኬቱ በአጭር መልእክት ይደርሰዋል። መርማሪያችን ንድፉን አይቶ ሰባት እንከን መዝግቧል። አራቱ የሥዕል ጉዳይ ናቸው፦ አንድ ሰርቨር በሁለት ስም ተጠርቷል፤ ከቀስቶቹ ላይ ምን እንደሚያልፍ አልተጻፈም፤ የአጭር መልእክቱ ቀስት አቅጣጫው ተገልብጧል፤ ወረቀቱም ቀን የለውም። እነዚህን ሠዓሊው ራሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያስተካክላቸዋል፤ ሥራ አስኪያጁ የሚወስነው ነገር የለባቸውም። ስለዚህ ወደ ደብዳቤው አይገቡም፤ በንድፉ ቅጂ ጠርዝ ላይ ይጻፋሉ። ሦስቱ ግን ይቀራሉ።

የመጀመሪያው የክፍያው ቀስት ነው። በንድፉ መሠረት ተሳፋሪው ከከፈለ በኋላ ለትኬት ሰርቨሩ «ተከፍሏል» ብሎ የሚናገረው የተሳፋሪው ስልክ ራሱ ነው። ይህ በሁለት በኩል ይጎዳል። የሲስተሙን አሠራር የደረሰበት ሰው ሳይከፍል «ከፍያለሁ» የሚል መልእክት ልኮ ትኬት ሊያወጣ ይችላል። ሐቀኛው ተሳፋሪ ደግሞ ገንዘቡ ከተቆረጠ በኋላ ኔትወርክ ቢጠፋበት መልእክቱ ሰርቨሩ ጋ ሳይደርስ ይቀራል፤ ገንዘቡ የለም፣ ትኬቱም የለም፣ አውቶቡሱም ሊነሣ ነው። ትክክለኛው መንገድ የክፍያ ድርጅቱ ሰርቨር በቀጥታ ለትኬት ሰርቨሩ እንዲያሳውቅና የትኬት ሰርቨሩም የገንዘቡን መጠንና የግብይቱን ቁጥር እንዲያረጋግጥ ነው። ማሳወቂያው አንዳንድ ጊዜ ሁለቴ ሊደርስ ስለሚችል ለአንድ የግብይት ቁጥር አንድ ትኬት ብቻ መውጣት አለበት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ካልደረሰ ደግሞ ሰርቨሩ ራሱ ሄዶ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ባክአፑ ነው። የባክአፕ ሳጥኑ የተሣለው ከዳታቤዙ ጋር በአንድ ማሽን ክፈፍ ውስጥ ነው። ማሽኑ ሲቃጠል ዋናውም መጠባበቂያውም አብረው ይሄዳሉ። ንድፉ ቅጂው በየስንት ሰዓቱ እንደሚወሰድም አይናገርም። ቅጂው በየሌሊቱ በ6 ሰዓት ብቻ የሚወሰድ ከሆነና ማሽኑ በማግስቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቢበላሽ፣ መጠባበቂያው ሌላ ቦታ ቢቀመጥ እንኳ የ17 ሰዓት ሽያጭ ይጠፋል። ማን የትኛውን ወንበር እንደገዛ የሚያውቅ አይኖርም።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚያስፈራ ይመስላል፤ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻውም እሱ ነው። ከስልኩ መተግበሪያ በቀጥታ ወደ ዳታቤዙ የሚሄድ ቀስት አለ። እውነት ከሆነ የዳታቤዙ በር ለመላው ኢንተርኔት ክፍት ነው፤ የይለፍ ቃሉም በእያንዳንዱ ተሳፋሪ ስልክ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ነገር ግን ሠዓሊው በመሐል ያለውን ሰርቨር ለማሳጠር ብሎ ዘሎት ሊሆን ይችላል። ስሕተቱ የሥዕሉ ነው ወይስ የሲስተሙ? ይህን ሳይለዩ «ዳታቤዛችሁ ተጋልጧል» ብሎ መጻፍ ትልቅ ጥፋት ነው። ሥዕሉ ብቻ ተሳስቶ ከተገኘ ሥራ አስኪያጁ ሌሎቹን ሁለቱን እውነተኛ ስሕተቶችም አያምንም።

መለያው ቀላል ነው። መጀመሪያ ሠዓሊውን መጠየቅ ነው። ሲስተሙ በሙከራ ላይ ከሆነ ደግሞ በባለቤቱ ፈቃድ ከቢሮው ኔትወርክ ውጭ ሆኖ በሩን ማንኳኳት ይቻላል። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ከሆነ የተለመደው በሩ 5432 ነው፤ የአድራሻው ስም እዚህ ለምሳሌ ያህል ነው፦

```
nc -zv db.example.com 5432
```

መልሱ `succeeded` ካለ በሩ ክፍት ነው፤ ጉዳዩም የዛሬ ጉዳይ ነው። ግንኙነቱ እንቢ ካለ ወይም ጊዜው ካለፈ በሩ ከውጭ አይከፈትም፤ ቀስቱ የሥዕል ስሕተት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ሲስተሙ ገና ካልተሠራ ግን የሚንኳኳ በር የለም። መርማሪያችን ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሠዓሊውም ለመስክ ሥራ ወጥቷል። ስለዚህ ሦስተኛው በደብዳቤው ውስጥ እንደ ስሕተት ሳይሆን እንደ ጥያቄ ይገባል። ደብዳቤው እንዲህ ይሆናል፦

ለፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ
ጉዳዩ፦ በትኬት ሽያጭ ሲስተሙ ንድፍ ላይ የተገኙ ስሕተቶችን ስለማሳወቅ

በአባሪነት የተያያዘውን ንድፍ መርምሬአለሁ። ግንባታ ከመጀመሩ በፊት መታረም ያለባቸው ሁለት ስሕተቶችና መልስ የሚፈልግ አንድ ጥያቄ አግኝቻለሁ። ቦታቸው በንድፉ ላይ በቀይ ቁጥር ተመልክቷል።

ቁጥር 1፦ ክፍያ መፈጸሙን የሚያረጋግጠው የተሳፋሪው ስልክ ነው። በዚህ ከቀጠለ ሳይከፈል ትኬት ሊወጣ፣ ተከፍሎም ትኬት ሊቀር ይችላል። ማረጋገጫው ከክፍያ ድርጅቱ ሰርቨር በቀጥታ እንዲመጣ ይደረግ።

ቁጥር 2፦ ባክአፑ ከዳታቤዙ ጋር በአንድ ማሽን ላይ ነው። ማሽኑ ቢበላሽ የሽያጭ መዝገቡ በሙሉ ይጠፋል። ባክአፑ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር። የስንት ሰዓት ሽያጭ ቢጠፋ መሸከም እንደምንችል የእርስዎን ውሳኔ እጠይቃለሁ።

ቁጥር 3፦ መተግበሪያው በቀጥታ ከዳታቤዙ ጋር ተያይዞ ተሥሏል። ይህ የሥዕል ስሕተት መሆኑን ወይም እንዲህ ሊሠራ ታስቦ እንደሆነ አላረጋገጥሁም። ታስቦ ከሆነ ከሁለቱም በፊት መታረም አለበት።

በቁጥር 1 እና 3 የተጠቀሱት እስኪፈቱ የክፍያውና የመተግበሪያው ሥራ እንዳይጀመር፣ የቀረው ግን እንዲቀጥል ሐሳብ አቀርባለሁ።

ከሠላምታ ጋር

ደብዳቤው «ንድፉን የሠራው እገሌ» አይልም። ስሕተቱን የተሸከመው ቀስቱ ስለሆነ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ቀስቱ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ንድፉ ላይ ያለውን ከተናገረ በኋላ በሰው ላይ የሚደርሰውን ይናገራል፤ መፍትሔው ከዚያ ይከተላል። ስለ ባክአፑ የተጠየቀው ውሳኔ ለሥራ አስኪያጁ የተተወውም ሆን ተብሎ ነው። በየሰዓቱ የሚወሰድ ቅጂ በየሌሊቱ ከሚወሰደው ይልቅ ወጪ አለው፤ ስንት ሰዓት መጥፋት ይቻላል የሚለውን የሚመልሰው ገንዘቡን የያዘው ሰው እንጂ መርማሪው አይደለም። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ስልክ አንሥቶ የሚጠይቀውን «ታዲያ ሥራው ይቁም ወይስ ይቀጥል?» የሚለውን ጥያቄ ቀድማ ትመልሳለች። እሷ ባትኖር ስልኩ መደወሉ አይቀርም።

አባሪው ሁለት ወረቀት ነው፦ ያልተነካው ንድፍና ቀይ ቁጥሮቹ ያሉበት ቅጂ። ቁጥሮቹ ዋናው ላይ ብቻ ከተጻፉ ምን የሠዓሊው፣ ምን የመርማሪው እንደሆነ ከወራት በኋላ መለየት ያስቸግራል። ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ደግሞ ለሠዓሊው በስልክ ቢነበብለት መልካም ነው፤ የሦስተኛው ጥያቄ መልስ እዚያው ስልክ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቁጥር 3 ከደብዳቤው ወጥቶ ከአራቱ ጋር ወደ ጠርዙ ይሄዳል።