ሳይበሉ የሚጨምር ስኳር

ቶንሲል ይዞት ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ የስኳር ሕመምተኛ ጣቱን ወግቶ ሲለካ 290 ቢያነብ ግራ ይገባዋል። ምንም ሳይበላ ይህ ስኳር ከየት መጣ? የመጣው ከራሱ ጉበት ነው። ሰውነት ከበሽታ ጋር ሲታገል ኮርቲሶልና አድሬናሊን የተባሉ ሆርሞኖችን በብዛት ያመነጫል። እነዚህ ሆርሞኖች ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋሉ፤ የኢንሱሊንንም ኃይል ያዳክማሉ። ስለዚህ በሕመም ቀን ሆድ ባዶ ቢሆንም ስኳር ሊጨምር ይችላል።

ከባዱ ስህተት የሚፈጸመውም በዚህ ቀን ነው። ብዙዎች «ካልበላሁ መርፌው ስኳሬን ያወርደዋል» ብለው ኢንሱሊኑን ያቆማሉ። የመርፌው መጠን በባለሙያ ምክር ሊስተካከል ይችላል፤ ጨርሶ ማቆም ግን በተለይ ለዓይነት አንድ ሕመምተኛ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል። ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት በስኳሩ መጠቀም ስለማይችል ስብ ማቃጠል ይጀምራል። ከዚህ የሚወጣው ኪቶን የተባለ ነገር ደምን አሲድ ያደርገዋል። ከመጠን ያለፈው ስኳር ደግሞ በሽንት ሲወጣ ውሃውንም ይዞ ይሄዳል። የማይቆርጠው ጥምና ቶሎ ቶሎ መሽናቱ ከዚህ የመጣ ነው።

እንበልና በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን የሚወጋ ወጣት ትኩሳት ይዞታል። ጠዋት ማር የተጨመረበት ሻይ ጠጥቶ ሲለካ 312 አገኘ። መጀመሪያ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ አድርቆ እንደገና መለካት አለበት፤ ጣቱ ላይ የቀረች ጥቂት ማር ቁጥሩን ልታሳስት ትችላለች። ሁለተኛው ንባብ 274 ሆነ። ይህ ትክክለኛው ነው፤ ከ250 በላይ ስለሆነም የሽንት ኪቶን ምርመራ ያስፈልገዋል። መመርመሪያው ቤት ከሌለ ጤና ጣቢያ ሄዶ ያስመረምራል። ውጤቱ ኪቶን የለም ወይም እጅግ ትንሽ ነው ካለ፣ ሐኪሙ ያዘዘለትን ኢንሱሊን ወግቶ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ያህል ውሃ ወይም ስኳር የሌለው ሻይ ይጠጣል። ማርና ለስላሳ መጠጥ ግን ጥሙን ያባብሱበታል። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ይለካል።

ቀትር ላይ 230፣ ማታ 185 ካነበበ መንገዱ ደህና ነው። ቤቱ ሆኖ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ፣ በየአራት ሰዓቱ እየለካ ይቀጥላል። ምግብ እምቢ ካለውና ስኳሩ እየወረደ ከሄደ አጥሚት ወይም ስኳር ያለው ሻይ በትንሽ በትንሹ ይጠጣል፤ ኢንሱሊን ወስዷልና ሰውነቱ ይህን ይፈልጋል።

ቀትር ላይ 330 ካነበበና ማስመለስ ከጀመረው ግን ቀጣዩን ንባብ መጠበቅ አይገባውም። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። የሽንት ምርመራው መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ኪቶን ካሳየም፣ የጠጣው ፈሳሽ ለአራት ሰዓት ያህል ሆዱ ውስጥ አልቀመጥ ካለም እንዲሁ ነው። ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ እንደበሰለ ፍራፍሬ የሚሸት ትንፋሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትና መቃዠት ሲታዩ ቁጥሩ ስንትም ቢሆን አይዘገይም። የሆድ ሕመሙና ትውከቱ የጨጓራ ወይም የታይፎይድ ሊመስል ስለሚችል የስኳር ሕመምተኛ መሆኑ ለሐኪሙ በመጀመሪያ መነገር አለበት።

ኪኒን በሚወስዱ አረጋውያን ላይ አደጋው ቀስ ብሎ ይመጣል። ለቀናት ይጠማቸዋል፣ ይሸናሉ፤ ከዚያ ይደክማሉ፣ ይፈዛሉ፣ ንግግራቸውም ይዘባረቃል። ቤተሰብ እርጅና ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። መለኪያው ከቁጥር ይልቅ «HI» ብሎ ከጻፈ ስኳሩ መሣሪያው ሊለካ ከሚችለው በላይ ሆኗል ማለት ነው፤ በብዙዎቹ መለኪያዎች ይህ ከ600 በላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ትውከትና ተቅማጥ ከበረታበት መድኃኒቱን ለጊዜው ማቆም ሊያስፈልገው ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ስኳር እንዳለበት ያልታወቀ ልጅም ከዚህ ውጭ አይደለም። ጥሙ ከበዛ፣ አልጋ ማርጠብ ትቶ ከነበረ እንደገና ከጀመረ፣ ሰውነቱም ከከሳ በዚያው ቀን ስኳሩ መለካት አለበት።

ወደ ሆስፒታል ሲኬድ ሦስት ነገሮች በወረቀት ተጽፈው ይያዙ፦ እያንዳንዱ ንባብ ከነሰዓቱ፣ የመጨረሻው ኢንሱሊን መቼና ምን ያህል እንደተወጋ፣ ሕመምተኛው ስንት ጊዜ እንዳስመለሰ። ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ነው።