ጥያቄው ከላይ፣ ታሪኩ ከታች

አንድ የግዥ ሠራተኛ ለፋይናንስ ኃላፊው ኢሜይል ይጽፋል እንበል። «እንደሚታወቀው» ብሎ ይጀምርና የተበላሹትን ላፕቶፖች፣ ያለፈውን ወር ስብሰባ፣ ፕሮፎርማ የተጠየቁትን ሦስት ድርጅቶች፣ አንዱ ድርጅት ስንት ጊዜ ተደውሎለት እንደዘገየ በተራ ይተርካል። በአራተኛው አንቀጽ «አስፈላጊው ትብብር በተቻለ ፍጥነት እንዲደረግልን በአክብሮት እንጠይቃለን» ብሎ ይዘጋል። ኃላፊው አንብበው ሲጨርሱ ምን እንደሚያጸድቁም ሆነ እስከ መቼ እንደሚጠበቅባቸው አያውቁም። ስለዚህ ለነገ ያቆዩታል።

እንዲህ ያለውን ኢሜይል ለማሳጠር መጀመሪያ ጥያቄውን መፈለግ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ላይ ተደብቆ ይገኛል። «ትብብር» የሚለው ይወጣና ኃላፊው የሚያደርጉት ሥራ ይተካል፤ ከዚያ ወደ መጀመሪያው መስመር ይወጣል። የቀረውን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «ይህ ባይኖር ውሳኔው ይለወጣል?» እያሉ መፈተን ነው። የድርጅቱ መዘግየት ውሳኔውን አይለውጥም፤ ይሰረዛል። ርካሹ ዕቃ ዋስትናው አጭር መሆኑ ግን ይለውጣል፤ ለጸሐፊው ባይመቸውም ይቆያል። ውጤቱ ይህን ይመስላል፦

ጉዳዩ፦ የ6 ላፕቶፕ ግዥ ማጽደቅ፣ እስከ ሐሙስ 10 ሰዓት

ጤና ይስጥልኝ፤
ከሦስቱ ፕሮፎርማዎች ዝቅተኛውን፣ 480,000 ብር፣ እስከ ሐሙስ ጥቅምት 13 ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ እንዲያጸድቁልኝ እጠይቃለሁ። ዋጋው የሚጸናው እስከ ዓርብ ብቻ ነው። ካለፈ ቀጣዩ በ54,000 ብር ይበልጣል። የዝቅተኛው ዋስትና 1 ዓመት፣ የቀጣዩ 2 ዓመት ነው። ማነጻጸሪያው ተያይዟል።
አመሰግናለሁ።

ሰላምታውና አክብሮቱ አልተነካም፤ የወጣው ታሪኩ ነው። ቀነ ገደቡም ምክንያቱን ይዞ መጥቷል። ሐሙስ የተባለው ፕሮፎርማው ዓርብ ስለሚያበቃና የግዥ ትዕዛዙን አዘጋጅቶ ለመላክ አንድ ቀን ስለሚያስፈልግ ነው። ምክንያት የሌለው «አስቸኳይ» ግን ሲደጋገም ማንም አይሰማውም።

ኢሜይሉ ናይሮቢ ወይም ዱባይ ላለ ባልደረባም የሚሄድ ከሆነ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። የእኛ 10 ሰዓት ለናይሮቢ ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት፣ ለዱባይ ደግሞ 5 ሰዓት ነው፤ እንዳለ ከተጻፈ ጠዋት 10 ሰዓት መስሏቸው በስድስት ወይም በሰባት ሰዓት ይሳሳታሉ። ጥቅምት 13ንም አያውቁትም። ስለዚህ የፈረንጁን ቀንና ሰዓት፣ የየት አገር ሰዓት እንደሆነ ጠቅሶ፣ ጎን ለጎን መጻፍ ይበጃል።

በመጨረሻ «ለ» የሚለው መስመር ይታያል። አምስት ሰው ከተደረደረበት እያንዳንዱ ሌላው ይመልሳል ብሎ ይተወዋል። የሚያጸድቁት ኃላፊ ብቻ እዚያ ይግቡ፤ ማወቅ ያለባቸው ሌሎች በግልባጭ ይድረሳቸው።