የመኪና የጥገና ታሪክ፦ የተጻፈውንና ያልተጻፈውን ማንበብ

ላሊበላ ውስጥ ያገለገለ መኪና ለመግዛት የሚፈልግ ሰው ፊት ብዙ ጊዜ የሚቀርቡት ሁለት ወረቀቶች ናቸው፤ ሊብሬና ቦሎ። ሊብሬው የመኪናውን ባለቤትና የሻንሲ ቁጥሩን ይነግራል። ቦሎው በዓመቱ ምርመራ ማለፉን ያሳያል። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ የሞተሩ ቺንጋ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሠራ ግን ሁለቱም አይናገሩም። ይህን የሚናገሩት ሌሎች ወረቀቶች ናቸው፦ ጋራዥ የሚሰጠው የዘይት መቀየሪያ ካርድ፣ የመለዋወጫ ደረሰኝ፣ መኪናው የድርጅት ከነበረ ደግሞ የሹፌሩ መዝገብ። በላስታ ከበድ ያለ ጥገና ወልድያ፣ ደሴ ወይም ባሕር ዳር ስለሚሠራ ወረቀቶቹ የአንድ ጋራዥ ማኅተም ያለበት ደብተር ሆነው አይገኙም። ከየከተማው የተለቀሙ ቁርጥራጮች ናቸው።

ቁርጥራጮቹን ማንበብ የሚጀመረው በኪሎ ሜትር ቅደም ተከተል በመደርደር ነው፤ ቀኑ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ቀን ያሳስታል። አንዱ ጋራዥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጆቹ ስለሚጽፍ «2012» የሚል ደረሰኝ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ሊኖረው ይችላል። ኪሎ ሜትሩ ግን መውጣት ብቻ ነው ያለበት። ከቀን ጋር ሲነጻጸር አንድ ቦታ ላይ ወደ ኋላ ከተመለሰ ቆጣሪው ተነክቷል ወይም ተቀይሯል፤ ወይም ወረቀቱ የሌላ መኪና ነው። ታርጋ ሊለወጥ ስለሚችል ደረሰኙን ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ማስተያየት ይሻላል።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። ለቱሪስት ሲሠራ የቆየ፣ ናፍጣ ሞተር ያለው ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ለሽያጭ ቀረበ እንበል። ጥር 2010 በተጻፈው የዘይት ካርድ ላይ 148,500 ኪሎ ሜትር ይነበባል፤ የካቲት 2012 ላይ 196,500። በ25 ወር 48,000 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በወር 1,900 ገደማ ሄዷል። በመካከሉ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት መቀየሩን የሚያሳዩ ካርዶች አሉ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ንጹሕ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ 2015 ምንም ወረቀት የለም። የሰኔው ካርድ 199,000 ይላል። ዛሬ ቆጣሪው ላይ ያለው 203,500 ነው።

ይህ የአርባ ወር ክፍተት በላሊበላ ምክንያት አያጣም። መጋቢት 2012 ኮቪድ አገር ውስጥ ሲገባ ቱሪስት ቆመ። ሐምሌ 2013 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ከተማዋ ደረሰ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም ከእጅ ወደ እጅ ስትፈራረቅ ቆየች። «መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር» የሚል ሻጭ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ በአርባ ወር 2,500 ኪሎ ሜትር ብቻ መሄዱም ከንግግሩ ጋር ይስማማል። ግን ሌላም ነገር ከዚህ ጋር ይስማማል፦ ቆጣሪው ተነቅሎ ወይም ተበላሽቶ ሳለ መኪናው ሲሠራ መክረሙ። ወረቀቱ ሁለቱን አይለይም፤ የሚለየው መኪናው ራሱ ነው።

ጎማው ይታይ። በጎማው ጎን DOT ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኀዝ አለ። 1021 ማለት በፈረንጆቹ 2021 በአሥረኛው ሳምንት፣ በእኛ የካቲት 2013 መጨረሻ ገደማ ተሠራ ማለት ነው። በቆጣሪው መሠረት እንዲህ ያለ ጎማ በዚህ መኪና ላይ ከ7,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ አይችልም። አራቱም ጎማዎች እኩል ተበልተው ጥርሳቸው ካለቀ፣ በኮረኮንች መንገድም ቢሆን ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር ያን አያደርግም። ጎማዎቹ ያገለገሉ ሆነው ተገዝተው ሊሆን ስለሚችል ግን በአንድ ምልክት አይፈረድም። የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳል ላስቲክ፣ የመሪው ቆዳ፣ የሹፌሩ መቀመጫ ጠርዝም አብረው ይታዩ። ሦስቱ አንድ ነገር ከተናገሩ ቆጣሪው መታመን የለበትም።

መኪናው በእውነት ቆሞ ከነበረስ? መቆምም የራሱ ጉዳት አለው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በዚህም የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር የሚመከረውም ለዚህ ነው። ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚያወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ፍሬን በተደጋጋሚ ሲያዝ ይግላል፤ ውኃ ያዘለው ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ እግር ሥር ባዶውን ይወርዳል። ሜዳ ላይ የተሞከረ መኪና ይህን አያሳይም። ስለዚህ ክፍተት ያለበት መኪና ከተገዛ የፍሬን ዘይቱ ከመጀመሪያው ቁልቁለት በፊት መለወጥ አለበት።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው የታይሚንግ ቺንጋው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሞተር እንደ አገሩ መመሪያ ከ100 ሺህ እስከ 150 ሺህ ኪሎ ሜትር ይፈቀድለታል፤ አቧራና ዳገት ባለበት ዝቅተኛውን መያዝ ይበጃል። በምሳሌያችን ቺንጋው 99,000 ላይ መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ አለ፤ የሁለተኛው የለም። በ203,500 ጊዜው አልፏል፤ ቆጣሪው ከዋሸ ደግሞ ምን ያህል እንዳለፈ አይታወቅም። ቺንጋው ሞተሩ እየሠራ ከተበጠሰ ፒስተን ከቫልቭ ይጋጫል፤ ቴስታታው ይወርዳል፤ ወጪውም ከቺንጋው ዋጋ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ሻጩ «መብራቱ አልበራም» ይል ይሆናል። በዳሽቦርዱ ላይ T-BELT የሚል መብራት አለ፤ የሚበራው ግን የተወሰነ ኪሎ ሜትር ሲሞላ እንጂ ቺንጋውን አይቶ አይደለም። ቺንጋው ሳይነካ መብራቱን ብቻ ማጥፋት ይቻላል። ቁልፉ ሲከፈት ለአፍታ ካልበራም አምፖሉ ሞቷል ወይም ወጥቷል ማለት ነው። አስተማማኙ መንገድ መካኒክ የላይኛውን ክዳን ፈትቶ ቺንጋውን እንዲያይ ማድረግ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ጠፍቶ፣ ላስቲኩ አብረቅርቆ ወይም በጥርሶቹ ሥር ተሰነጣጥቆ ከታየ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ሻጩ ክዳኑ እንዲፈታ ካልፈቀደ ደግሞ መልሱ ተገኝቷል።

ስለዚህ የጎደለ ወረቀት ሲያጋጥም መጠየቅ ያለበት «ሻጩ ይዋሻል ወይ?» አይደለም፤ እሱን በንግግር ማረጋገጥ አይቻልም። ጥያቄው «ያልተጻፈው ሥራ አልተሠራም ብዬ ብነሣ መኪናው ስንት ያወጣል?» ነው። ቺንጋውና መወጠሪያው፣ የፍሬን ዘይቱ፣ የሞተር፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት፣ የራዲያተሩ ውኃ፤ ሁሉም ከነእጅ ዋጋው ይደመርና ከተጠየቀው ገንዘብ ላይ ይቀነስ። ሻጩ በዚያ ከተስማማ ክፍተቱ ተከፍሎበታል። ካልተስማማ ወረቀት ያለው ሌላ መኪና መፈለግ ይሻላል። የገዛ ሰውም ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሱን ካርድ ይጻፍ፤ ቀኑን ከነአቆጣጠሩ፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የተለወጠውን ዕቃና የጋራዡን ስም። ነገ እሱም ሻጭ ይሆናል።