ለዓይን ያማረው ሲቪ ለሶፍትዌሩ ምን ይመስላል?

አንዲት የሂሳብ ባለሙያ ሲቪዋ እንዲያምርላት በሁለት ዓምድ አዘጋጀችው እንበል። በግራ በኩል ባለው ጠባብና ባለቀለም ዓምድ ክህሎቷን ደረደረች፣ በቀኙ ሰፊ ዓምድ የሥራ ልምዷን ጻፈች። ሰው ሲያየው ወዲያው ይገባዋል። ነገር ግን በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ትልልቅ ቀጣሪዎች ዘንድ ማመልከቻውን መጀመሪያ የሚቀበለው ሰው አይደለም፤ እንደ ወርክዴይ፣ ግሪንሀውስና አይሲምስ ያለ የአመልካቾችን መረጃ የሚመዘግብ ሶፍትዌር ነው።

ሶፍትዌሩ በመጀመሪያ ቀለሙን፣ መስመሩንና ውበቱን ሁሉ ትቶ ከፋይሉ ውስጥ ጽሑፉን ብቻ ያወጣል። ቀጥሎ ከዚያ ጽሑፍ ስሙን፣ ስልኩን፣ የሥራ መደቡን፣ የሠሩበትን ድርጅትና ዓመታቱን እየለየ በየሳጥኑ ያስገባል። ብዙው ጥፋት የሚደርሰው በመጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው።

ፒዲኤፍን እንመልከት። አዶቤ በ1993 ሲያወጣው ዓላማው አንድ ገጽ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ሳይዛነፍ እንዲታይ ነበር። ስለዚህ ፋይሉ በዋናነት የያዘው «ይህን ፊደል ከገጹ ግራ ጠርዝ ይህን ያህል፣ ከታች ይህን ያህል ርቀት ላይ አስቀምጥ» የሚል መመሪያ ነው። የቱ አንቀጽ እንደሆነ፣ የቱ ዓምድ የት እንደሚያልቅ ብዙውን ጊዜ አልተጻፈበትም። አንባቢው ሶፍትዌር ይህን ከፊደላቱ ርቀት ተነስቶ መገመት አለበት። ቀላሉ ግምት ደግሞ በአንድ ከፍታ ላይ ያሉትን ቃላት ሁሉ እንደ አንድ መስመር መውሰድ ነው። እንዲህ የሚገምት ሶፍትዌር የሂሳብ ባለሙያዋን ሲቪ የሚያነበው በዚህ መልክ ነው፦

```
ክህሎት የሥራ ልምድ
ፒችትሪ ዋና አካውንታንት
ኤክሴል ከ2018 እስከ 2023
```

ሁለቱ ርዕሶች ተጣብቀው አንድ ስለሆኑ ሶፍትዌሩ የሥራ ልምድ የሚጀምርበትን ቦታ ሊስት ይችላል። «ፒችትሪ ዋና አካውንታንት» የሚባል መደብ የለም። አምስቱ ዓመታት ደግሞ ከሥራዋ ተነጥለው ከኤክሴል ጋር ተያይዘዋል። ቃላቱ ሁሉ አሉ፤ የጠፋው የማን ቃል የማን እንደሆነ የሚያሳየው ዝምድና ነው። ዓምድን ለይተው የሚያነቡ የተሻሉ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ሆኖም ቀጣሪው የቱን እንደሚጠቀም አመልካቹ አስቀድሞ አያውቅም።

በወርድ ፋይል ላይ ችግሩ ሌላ ነው። `.docx` የሚባለው ፋይል እንደ ዚፕ የታሸገ የበርካታ ፋይሎች ጥቅል ነው። ዋናው ጽሑፍ `document.xml` በሚባለው ውስጥ ሲቀመጥ፣ በገጹ ራስጌ ላይ የተጻፈው ግን `header1.xml` በመሰለ ለብቻው በሆነ ፋይል ይገባል። ዋናውን ብቻ የሚከፍት ሶፍትዌር ስልክና ኢሜይል በራስጌ ላይ ከተጻፉ አያገኛቸውም። ሰንጠረዥም ተመሳሳይ ዕጣ አለው። ፕሮግራመሮች በብዛት በሚጠቀሙበት `python-docx` በተባለው መሣሪያ `document.paragraphs` ብሎ የጠየቀ ሰው የሚመለስለት ከሰንጠረዥ ውጭ ያለው አንቀጽ ብቻ ነው። ሰንጠረዡን ለብቻው መጠየቅ አለበት፤ ይህን የረሳ ፕሮግራመር የአመልካቹን ሙሉ የሥራ ታሪክ ይዘላል።

ሥዕል ከሁሉም የከፋ ነው። እንግሊዝኛ ችሎታን ከአምስት ክቦች አራቱን በማቅለም ያሳየ ሰው ለሶፍትዌሩ ምንም አልነገረም፤ እዚያ ቦታ ላይ የሚነበብ ፊደል የለም። በስካነር የተነሳ ሲቪም ጽሑፍን ከምስል የሚያነብ ተጨማሪ መሣሪያ ከሌለ ባዶ ገጽ ነው። «በጣም ጥሩ» ብሎ በፊደል መጻፍ ከክቦቹ ሁሉ ይበልጣል።

ብዙ ሰው ሶፍትዌሩ ራሱ ሲቪውን አንብቦ የሚጥል ይመስለዋል። በራሱ ውድቅ የሚያደርገው በአብዛኛው «የሥራ ፈቃድ አለዎት?» ለመሰለ ጥያቄ በተሰጠ መልስ ነው። በተዛባ ንባብ የሚመጣው ጉዳት ከዚህ ይለያል፦ ቀጣሪው «ዋና አካውንታንት፣ አምስት ዓመት ልምድ» ብሎ በመዝገቡ ውስጥ ሲፈልግ የባለሙያዋ ስም አይወጣለትም። ማንም አልጣላትም፤ ግን ማንም አላያትም።

ይህን በራስዎ መፈተሽ ይቻላል። ፒዲኤፉን ከፍተው ጽሑፉን በሙሉ ይምረጡ፣ ኮፒ አድርገው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉት። መስመሮቹ ከተቀላቀሉ ወይም ስልክዎ ከጠፋ፣ ሲቪውን በአንድ ዓምድ፣ ከላይ ወደ ታች በሚፈስ ተራ ጽሑፍ እንደገና ይሥሩት። ቀጣሪው የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ከእርስዎ ኮምፒውተር በተለየ መንገድ ሊያነብ ስለሚችል፣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚገኘው ማመልከቻው ገጽ ላይ ነው። ብዙዎቹ ገጾች ሲቪ ሲጫን ቅጹን ራሳቸው ይሞላሉ። ሶፍትዌሩ ያነበበው በእነዚያ ሳጥኖች ውስጥ የሚያዩትን ነውና፣ «ላክ» ከማለትዎ በፊት እያንዳንዱን ሳጥን አንብበው የተሳሳተውን በእጅዎ ያርሙ።